የላሊበላ ገስት ሃውስ ዕቅድ፦ በዓመት ስንት አዳር ይሸጣል?

ላሊበላ ላይ ገስት ሃውስ ሊከፍት ያሰበ ሰው ዕቅዱን ሲያሳየኝ ቀድሜ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። «አማካይ የአልጋ መያዝ መጠን 65 በመቶ» የሚለውን። ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ገና ላይ ከተማው ጢም ይላል፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ መሀሉን ወሰድን ይሉኛል። ችግሩ ላሊበላ ላይ መሀል የሚባል ወር እምብዛም የለም። ሥራ ያለበት ወር አለ፣ ሥራ የሌለበት ወር አለ፣ ብድሩና ደመወዙ ግን በሁለቱም እኩል ይከፈላል።

ስለዚህ አንዱን አማካይ ቁጥር ጣሉትና ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። እዚህ የምንጠቀመው ምሳሌ 10 ክፍል ያለው፣ ቁርስ የሚያቀርብ፣ በከፊል በባንክ ብድር የተሠራ ቤት ነው። ዋጋዎቹና መቶኛዎቹ አሠራሩን ለማሳየት የያዝኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ስታገኙ ተኳቸው።

1. በሰው ሳይሆን በአዳር ቁጠሩ

አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ አንድ አዳር ነው። ባልና ሚስት አንድ ክፍል ቢይዙ ያው አንድ አዳር ነው። ሁለት ሌሊት ካደሩ ሁለት አዳር ይሆናል። 10 ክፍል በ365 ሌሊት ሲባዛ 3,650 አዳር ይመጣል። በዓመት ውስጥ ልትሸጡት የምትችሉት ይህንን ነው፣ ከዚህ በላይ የለም።

ይህን መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው «ላሊበላን በዓመት ይህን ያህል ሰው ይጎበኛታል» ከሚል ቁጥር ተነስቶ ወደ ገቢ መዝለል በጣም ስለሚቀል ነው። ገና ለት መቶ ሰው በራችሁን ቢያንኳኳ የምታስተናግዱት 10 ክፍል ብቻ ነው። ክፍል ያጣው ሰው ሐምሌ ላይ ተመልሶ አይመጣም። ትናንት ማታ ባዶ ያደረ ክፍልም ነገ አይሸጥም።

2. ገናን ለብቻው አስሉት

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ለገና ላሊበላ የሚመጣው ሕዝብ በጣም ብዙ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ማን እንደሆነ ተመልከቱ። አብዛኛው ምዕመን ነው። በእግሩ ተጉዞ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፤ በድንኳን፣ በየሜዳው፣ በየአጥቢያው ግቢ ያድራል። የከተማው ሰው የሩቅ መንገደኛ እግር አጥቦ ቤቱ የማሳደር ልማድም አለው። ይህ ሁሉ ሰው የገስት ሃውስ ደንበኛ አይደለም። የእናንተ ደንበኛ ከዚያ መሀል ከፍሎ ክፍል የሚይዘው የውጭ ጎብኚ፣ ዳያስፖራና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ ነው።

እሺ፣ እነሱም ይበቃሉ እንበል። ገና ላይ አራት ሌሊት ሙሉ ቤት ሸጣችሁ። 40 አዳር ነው። ዋጋውን ከሌላው ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ በ6,000 ብር ብትሸጡት 240,000 ብር ይሆናል። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ወረድ ብለን እንደምናየው የዚህ ቤት የብድር ክፍያ ብቻ በዓመት ከዚያ ሦስት እጥፍ ነው። ገና ዓመቱን አይሸከምም።

ጥምቀትም እንዲሁ። ላሊበላ ላይ በደመቀ ሁኔታ ይከበራል፣ ግን ብዙ ጎብኚ ያንን ቀን ጎንደር መዋል ስለሚመርጥ ሦስት ሌሊት ሙሉ ብትይዙ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ዕቅድ ላይ አትጻፉ።

3. ዓመቱን በአራት ቁረጡ፣ በእኛ ካላንደር

ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቆረጣችሁ የእኛ ወራት ሁለት የፈረንጅ ወር ላይ ይከፈሉባችኋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቁረጡና የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ጻፉ፣ ኦንላይን የሚይዘው እንግዳ የሚያየው እሱን ነውና።

የበዓሉ ወቅት ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 15 ነው፣ 26 ሌሊት። ዋናው ሲዝን ከመስከረም 15 እስከ ታኅሣሥ 19፣ ከዚያም ከጥር 16 እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፣ 140 ሌሊት። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አውሮፓ ደግሞ ብርድ ገብቷል። መጋቢትና ሚያዝያ፣ 60 ሌሊት፣ ፋሲካ የሚያሞቃቸው መካከለኛ ወራት ናቸው። ከግንቦት እስከ መስከረም 14 ያለው፣ ጳጉሜን ጨምሮ 139 ሌሊት፣ ቀዝቃዛው ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ፋሲካ ይንቀሳቀሳል፦ በ2018 ሚያዝያ 4 ሲሆን በ2019 ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ «ያለፈው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ጥሩ ነበር» የሚል ማስረጃ ለቀጣዩ ዓመት ላይሠራ ይችላል። ገናም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በፈረንጁ ግን ሁሌም ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ደግሞ በእኛ ሁሌም ጥር 11 ሆኖ በዚያው ዓመት በፈረንጁ ከ19 ወደ 20 ይሸሻል። የኦንላይን ዋጋችሁን አንድ ቀን አሳስታችሁ ከጫናችሁ በዓመቱ ውዱን ሌሊት በርካሽ ሸጣችሁት ማለት ነው።

4. መቶኛውን ከሰው አፍ ሳይሆን ከሥራው ላይ አውጡት

የገስት ሃውስ ባለቤትን «ኅዳር ላይ ስንት በመቶ ይያዛል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ወይ ያጋንናል ወይ ይደብቃል። ቀረጥ ይፈራል፣ ተወዳዳሪም ናችሁ። አንሶላ የሚቀይሩትን ሰው ጠይቁ።

«እትዬ፣ ኅዳር ላይ በሳምንት የስንት ክፍል አንሶላ ይቀይራሉ?»

«ኧረ ሃያም አይሞላ። እንግዳው ሲወጣ ነው የምንቀይር።»

ይህ በቂ ነው። ቤቱ 14 ክፍል ካለው በሳምንት 98 አዳር አለው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። 20 ቅያሪ ሲባዛ በሁለት 40 አዳር ነው። ከ98 ውስጥ 40 ማለት 41 በመቶ። ያውም ኅዳር ላይ፣ ከዋናው ሲዝን መሀል! ይህንኑ ጥያቄ ለሦስት አራት ቤት ደግሙት፣ ለሐምሌም ለየብቻ ጠይቁ። መልሶቹ ከተራራቁ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ቤት የቱር ድርጅት ቡድን ይዞ ሌላው ሳይዝ ሲቀር ነው።

አስጎብኚዎቹም ያውቃሉ፣ በተለይ የትኛው ሳምንት ሥራ ፈትተው እንደሚውሉ። ቡኪንግ ላይም የኅዳርን ተራ ማክሰኞ አስገብታችሁ የስንት ቤት ክፍል ገና ክፍት እንደሆነ እዩ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ደግሞ ድገሙት። ግን ጥንቃቄ፦ እዚያ ላይ «ተይዟል» የሚለው ባለቤቱ ራሱ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ብቻውን አትመኑት።

ለቀዝቃዛው ወቅት ደግሞ «ትንሽ ጎብኚ» ብላችሁ አትለፉት። ክረምት ላይ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው፦ የእርዳታ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ፣ ለስልጠና የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የባንክ ኦዲተር፣ ነጋዴ። ነሐሴ ላይ የእረፍት ጊዜያቸውን ይዘው የሚመጡ ጣሊያኖችና ስፔኖችም አሉ፣ ዳያስፖራም አለ፣ ቁጥራቸው ግን ቤት አይሞላም። የመስክ ሠራተኛው በውሎ አበል ስለሚንቀሳቀስ ከአበሉ በላይ አይከፍልም፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔትና ሙቅ ውሃ ከሌለ ጎረቤት ይገባል። እሱን ካላሰባችሁ ቀዝቃዛውን ወቅት ዜሮ ጻፉት፤ ቁጥር የምትጽፉት ለማን እንደምትሸጡ ስታውቁ ብቻ ነው።

5. አሁን አባዙ

ቤቱ ከታወቀ በኋላ፣ ሰላማዊ በሆነ ዓመት እንዲህ ያዝን እንበል። ዋጋው ግብር ያልተጨመረበት ነው።

| ወቅት | ያለው አዳር | የተያዘ | የተሸጠ አዳር | ዋጋ (ብር) |
|---|---|---|---|---|
| የበዓል | 260 | 75% | 195 | 4,500 |
| ዋና ሲዝን | 1,400 | 45% | 630 | 3,000 |
| መጋቢት–ሚያዝያ | 600 | 30% | 180 | 2,500 |
| ቀዝቃዛው | 1,390 | 15% | 208 | 2,000 |

የበዓሉ 75 በመቶ የመጣው እንዲህ ነው፦ ሰባቱ የገናና የጥምቀት ሌሊት ሙሉ ሲሆኑ 70 አዳር፣ የቀሩት 19 ሌሊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲያዙ 125 አዳር። 4,500 የወቅቱ አማካይ ዋጋ ነው።

ድምሩ 1,213 አዳር ነው። ከ3,650 ጋር ሲነጻጸር 33 በመቶ። ገቢው 3,633,500 ብር። ያ «65 በመቶ» የሚለው ዕቅድ በ3,000 ብር ሂሳብ ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ ይል ነበር፤ ቤቱ ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ገቢው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባንኩ ያንን አምኖ ቢያበድራችሁ የሚጎዳው ባንኩ ሳይሆን መያዣ ያስያዘው ሰው ነው።

ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተሸጠው አዳር ግማሽ በላዩ የሚመጣው በዓል ከሌለባቸው የሲዝን ቀናት ነው። ጥቅምት፣ ኅዳርና የካቲት ውስጥ ያሉ ተራ ቀናት። ጉልበታችሁን፣ ማስታወቂያችሁን፣ ከቱር ድርጅት ጋር የምታደርጉትን ውል እዚያ ላይ አድርጉት።

6. ስንት አዳር ላይ ነው የማንከስረው?

ከገቢው ላይ የኦንላይን ኮሚሽን ይነሳል። 15 በመቶ አካባቢ ያዙና ግማሹ እንግዳ በዚያ በኩል ቢመጣ ከጠቅላላው 7.5 በመቶ ነው። እያንዳንዱ አዳር ለቁርስ፣ ለእጥበት፣ ለሳሙናና ለውሃ 500 ብር ይበላል እንበል። ኮሚሽንና ይህ ሲቀነስ ከአንድ አዳር ወደ 2,270 ብር ይተርፋል።

ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣው ደግሞ አለ፦ ደመወዝ፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ጥገና። በወር 150,000 ብር ያዙት። የብድር ክፍያ 60,000። በዓመት 2,520,000 ብር። ይህ ለ2,270 ሲካፈል 1,110 አዳር ይሰጣል።

1,110 ካልተሸጠ ኪሳራ ነው፤ የታሰበው 1,213 ነው። ትርፍ ተብሎ በመሀል ያለው 103 አዳር ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ብቻ 135 አዳር ይሸጣል ብለን ነበር የያዝነው። ስለዚህ በአንድ ኅዳር በረራ ቢቋረጥ ወይም መንገድ ቢዘጋ የዓመቱ ትርፍ ሄዶ ኪሳራ ይገባል። ይህንን መስመር ዕቅዳችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት፦ ስንት የሲዝን ቀን ቢጠፋ እንከስራለን? መልሱ ከ30 ቀን ካነሰ የክፍሉ ዋጋ፣ ወጪው ወይም ብድሩ መስተካከል አለበት፣ መቶኛውን ከፍ በማድረግ ግን አይስተካከልም።

7. የክረምቱን ጉድጓድ ለኩ

ዓመቱ በድምር አትራፊ ሆኖ ቤቱ ነሐሴ ላይ ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል። ምሳሌያችንን በወቅት ስንከፍለው እንዲህ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ወጪና ብድር ሁሉ ተከፍሎ ወደ 1 ሚሊዮን ብር እጅ ላይ ይቀራል። መጋቢትና ሚያዝያ ወደ 90,000 ብር ከዚያ ላይ ይበላሉ። ከግንቦት እስከ መስከረም አጋማሽ ደግሞ ወደ 680,000 ብር። በዓመቱ መጨረሻ የሚተርፈው 230,000 ብር አካባቢ ነው።

ስለዚህ የካቲት 30 ቀን ባንክ ደብተር ላይ ከምታዩት ሚሊዮን ብር ውስጥ 770,000ው የክረምት ነው። በሌላ ሂሳብ ለዩት። ብዙ ቤት የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ሲዝኑ ጥሩ ሆነ ተብሎ መጋቢት ላይ ሁለት ክፍል መጨመር ይጀመራል፣ ሐምሌ ላይ ግድግዳው ሳይለሰን ይቆማል፣ ጥበቃው ደመወዙን ይጠብቃል።

ብድሩንም ከሲዝኑ ጋር አስማሙት። በየወሩ 60,000 ከመክፈል ከኅዳር እስከ የካቲት በወር 120,000፣ በቀሩት ስምንት ወራት 30,000 ብትከፍሉ ለዓመቱ ያው 720,000 ነው፣ ጉድጓዱ ግን ይጠባል። ባንኩ እንዲቀበል ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ ይዛችሁ ሂዱ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ከተፈረመ በኋላ ልመና ነው።

ቤቱን ቀለም መቀባት፣ ቧንቧ መቀየር፣ ሠራተኛ ዓመት እረፍት ማስወጣት፣ ሁሉም ሐምሌ ውስጥ ይግባ። ሲዝን ላይ አንድ ክፍል ለጥገና መዝጋት በሌሊት 3,000 ብር እየከፈሉ መጠገን ነው።

8. የመጀመሪያው ዓመትና የመክፈቻ ቀን

ሠንጠረዡ የታወቀ ቤት ሠንጠረዥ ነው። አዲስ ቤት ኦንላይን ላይ አስተያየት የለውም፣ አስጎብኚ አያውቀውም፣ የቱር ድርጅቶች የዘንድሮ ቡድናቸውን ከወራት በፊት ሌላ ቤት አስይዘዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ከታሰበው አዳር 60 በመቶ ያዙ፣ 728 አዳር። ከዚህ የሚገኘው 1,650,000 ብር ገደማ ነው። የብድር ክፍያ ሳይጨመር እንኳ 1,800,000 የሆነውን መደበኛ ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ በውሉ ላይ ይግባ፣ ከግንባታው ገንዘብ ውጭም ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን ብር ይቀመጥ። ግንባታው ሁሉንም ከበላው ቤቱ ተሠርቶ ሥራው አይጀመርም።

መክፈቻውን ነሐሴ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ መስከረም 15 ሲደርስ ፍራሹም ሠራተኛውም ተለማምዶ እንዲገኝ። ግንባታው ዘግይቶ የካቲት ላይ ከተጠናቀቀ ሙሉ ሠራተኛ ቀጥራችሁ አትክፈቱ። ሦስት አራት ክፍል ብቻ ከፍታችሁ ለመስክ ሠራተኛ ሽጡ፣ ፎቶና አስተያየት አጠራቅሙ።

9. ክፉውን ዓመት ለብቻው ጻፉ

ላሊበላ ላይ ይህ ገጽ የሌለው ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። በ2012 ኮቪድ መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፣ መብራትም ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በ2015 ክረምት ደግሞ ሌላ ግጭት ተነሳ። ሌላ ዘመን ላይ እንግዳ ነገር የሚባለው እዚህ ተደጋግሟል፣ ስለዚህ በአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት ክፉ አድርጉት።

በዓሉን 40 በመቶ፣ ዋናውን ሲዝን 15፣ ሌላውን 10 ያዙ። 513 አዳር ይመጣል፣ 14 በመቶ። መደበኛውን ወጪ ብቻ ብታስቡ ከ600,000 ብር በላይ ይጎድላል፣ ብድሩ ሳይቆጠር። እዚህ ላይ ጥያቄው «እንዴት እንሞላዋለን» አይደለም። ቤቱ በትንሹ ስንት ብር ይዞ ይቆያል? አንድ ጥበቃ፣ አንድ ጽዳት፣ ሦስት ክፍል ክፍት፣ ጄኔሬተር ጠፍቶ፣ ምናልባት በወር 60,000 ብር። ይህንን ቁጥር ዛሬ፣ ሰላም ሳለ አውጡት። በየትኛው ምልክት ወደዚያ እንደምትወርዱም ወስኑ፤ ለምሳሌ የአውሮፕላን በረራው ለሁለት ሳምንት ከቆመ፣ ወይም መስከረም 30 ላይ ለኅዳር የተያዘው አዳር ካለፈው ዓመት ግማሽ ካነሰ። ሠራተኞቻችሁም ሲቀጠሩ ይንገራቸው፣ በድንገት የሚበተን ሰው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፣ ቤተሰብ አለው።

የገና ቀብድን በተመለከተም ፖሊሲውን ቀድማችሁ ጻፉ። በተለመደው ዓመት ለገና ቢያንስ ሦስት ሌሊት የሚይዝ እንግዳ ብቻ ተቀበሉ፣ ቀብድም ውሰዱ፤ በረራ ከቆመ ግን ቀብዱ እንደሚመለስ አስቀምጡ፣ እስከዚያም ገንዘቡን አትንኩት። ዕቅዱ ላይ ገቢ ተብሎ የሚገባው እንግዳው ያደረ ዕለት ነው።

10. ከከፈታችሁ በኋላ

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በየማታው አራት ነገር ብቻ፦ ስንት ክፍል ተያዘ፣ በስንት ብር፣ እንግዳው በየት በኩል መጣ፣ ለምን መጣ። ለምን የሚለውን አትዝለሉት፤ ጎብኚ፣ ሥራ፣ በዓል፣ ዘመድ ጥየቃ። የመጀመሪያው የካቲት 30 ሲመጣ የግምቱን መቶኛ አጥፍታችሁ የደብተሩን ጻፉ። ዋናው ሲዝን 45 ሳይሆን 31 በመቶ ሆኖ ከወጣ ያሰባችሁትን አዲስ ቅጥር ሰርዙ፣ ባንኩንም መጋቢት ላይ አናግሩ፣ ነሐሴን አትጠብቁ።